በአያቴ ጌጥ ላይ ያለው ኮከብ የማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሐረር ጀጎል ከኖረችው አያቴ የደረሰኝ አሮጌ የብር የአንገት ጌጥ አለኝ። ፊቱ ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ አለ፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ዘጠኝ ቤት ያለው ሰንጠረዥ ተቀርጿል። አንዱ የዳዊት ኮከብ ነው፣ ሌላው የአይሁድ ነው ይሉኛል። ከማዕተቤ ጋር ባደርገው ችግር አለው? የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ልኬያለሁ። (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የላኩልንን ፎቶ በጥንቃቄ ተመልክተነዋል። ይህ ጌጥ ከእስልምናው የክታብ ሥርዓት የወጣ ነው፤ ስለዚህ ከማዕተብዎ ጋር ሊያደርጉት አይገባም። ይህን እንድንል ያደረገን ግን ከፊት ያለው ኮከብ ሳይሆን ከጀርባ ያለው ሰንጠረዥ ነው።

ኮከቡ ብቻውን ምስክር የማይሆነው ብዙዎች ስለተጠቀሙበት ነው። በሙስሊሙ ዓለም የሰሎሞን ማኅተም እየተባለ በክታብ፣ በዕቃና በሕንፃ ላይ ለረጅም ዘመን ሲቀረጽ ኖሯል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሞሮኮ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ እንኳ ይታያል። በእኛም ዘንድ በሥዕልና በቅርጽ የሚገኝ ሲሆን፣ ክርስቲያናዊ መሆኑ ጎልቶ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ በመካከሉ ወይም በአናቱ መስቀል ሲኖረው ነው። አይሁድን በተመለከተ ጥንታዊ መለያቸው ባለ ሰባት ቅርንጫፉ መቅረዝ ነበር፤ ኮከቡ የሕዝቡ አጠቃላይ ምልክት ሆኖ የተስፋፋው በተለይ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። እንግዲህ ኮከብ ያየ ሁሉ «የአይሁድ ነው» ወይም «የዳዊት ነው» ብሎ ቢደመድም፣ ዕቃውን ገና ሳያገላብጥ ፈርዷል ማለት ነው።

አሁን ጀርባውን እንመልከት። በዘጠኙ ቤቶች ያሉት ምልክቶች የዐረብኛ አኃዞች ናቸው። እኛ ከለመድናቸው ቁጥሮች ቅርጻቸው ስለሚለይ እንደ ጌጥ ጭረት ቢመስልዎ አያስደንቅም። በመካከለኛው ቤት ያለችው ትንሽ ክብ ዜሮ ሳትሆን 5 ናት። ከሥሯ ያለው ቀጥ ያለ መስመር 1 ነው። ከክቧ በስተቀኝ አፉን ወደ ላይ የከፈተው ሹል ምልክት 7 ሲሆን፣ በታችኛው ግራ ጥግ ያለውና ያው ቅርጽ የተገለበጠ የሚመስለው 8 ነው። ሁሉም ሲነበብ ላይኛው ረድፍ 4፣ 9፣ 2 ይሆናል፤ መካከለኛው 3፣ 5፣ 7 ይሆናል፤ ታችኛው 8፣ 1፣ 6 ይሆናል። በየትኛውም ረድፍ ቢደምሩት፣ ወደ ታችም ሆነ ከጥግ ወደ ጥግ ቢወርዱ፣ ድምሩ 15 ነው፤ በአራቱ ጥጎችም የተቀመጡት ሙሉ ቁጥሮች፣ ማለትም 2፣ 4፣ 6 እና 8 ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር አይደለም፤ በዐረብኛ የክታብ ጽሑፎች ዘንድ በሰፊው የታወቀ ሰንጠረዥ ነው። በአንዳንድ ክታቦች ላይ በአኃዞቹ ፈንታ ያንኑ ዋጋ የያዙ የዐረብኛ ፊደላት ተጽፈው ይገኛሉ።

በዚህ ንባብ ላይ አንድ ስሕተት በቀላሉ ሊገባ ስለሚችል ልብ ይበሉ። በዐረብኛ አኃዝ 2 እና 6 አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ይመስላሉ። ፎቶው ቀኙን ወደ ግራ ገልብጦ ካሳየ ሁለቱ ይለዋወጡና ድምሩ ይበላሻል፤ ላይኛው ረድፍ 6፣ 9 እና 4 ተብሎ ይነበብና 19 ይሆናል። እርስዎ በላኩት ፎቶ ላይ ድምሩ በየአቅጣጫው ስለተስማማ ጥርጣሬ አልቀረንም።

ይህ ሰንጠረዥ ለምን አገልግሎት ይውል እንደነበር ማወቁ የአያትዎን ነገር ጭምር ሊያስረዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው የታወቀው የእስልምና ሊቅ አል ገዛሊ ይህንኑ ባለ ዘጠኝ ቤት ሰንጠረዥ ምጥ ለጠናባት ሴት የሚደረግ ነገር አድርጎ ጠቅሶታል። እንዲህ ያለው ጌጥ ወደ አያትዎ እጅ የገባው በወሊድ ጊዜ ከጎረቤት በውሰት ወይም በስጦታ ሊሆን ይችላል፤ ከገበያ በጌጥነት ተገዝቶም ሊሆን ይችላል። ክርስቲያንና ሙስሊም ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርበት በጀጎል ይህ ሩቅ ግምት አይደለም። ስለዚህ ሥርዓቱ የእስልምና መሆኑ የአያትዎን እምነት አያስጠረጥርም።

በብሩም ለመለየት አይሞክሩ። በአገራችን መስቀሉም ክታቡም ሲሠራ የኖረው በብዛት ከማርትሬዛ ብር ቀልጦ ነው፤ በላዩ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁልጊዜ 1780 ስለሆነ፣ የሳንቲሙ ቁራጭ በጌጡ ላይ ቢታይ እንኳ ዕድሜውን አይነግርዎትም። የአንጥረኛውም ሃይማኖት አይወስንም። ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን የነበሩ አይሁድ አንጥረኞች፣ እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል እስከሄዱ ድረስ፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጌጥ ይሠሩ ነበር። ጌጡ ለአይሁድ የተሠራ ቢሆን ኖሮ የዕብራይስጥ ፊደል ይጠበቅ ነበር፤ የዕብራይስጥ ፊደላት እያንዳንዳቸው ተለይተው ይቆማሉ፣ የዐረብኛዎቹ ግን እየተያያዙ ይሄዳሉ።

ወደ ማዕተቡ እንመለስ። ማዕተብ የክርስትናችን ምስክር ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚታሰረውም መስቀል ነው። የቁጥር ሰንጠረዥ ግን በራሱ ኃይል አለው ተብሎ ለጥበቃ የሚንጠለጠል ነገር ነው፤ ይህንን ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምራ ከልክላለች። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሎዶቅያ የተሰበሰቡ አባቶች በ36ኛው ቀኖናቸው ካህናት ክታብ እንዳይሠሩ፣ የሚያንጠለጥሉትም እንዲለዩ ወስነዋል። ይህ ፍርድ በሙስሊሞች ክታብ ላይ ብቻ የተሰነዘረ እንዳይመስልዎ። በብራና ላይ የአስማት ስሞች ተጽፈውበት በአንገት የሚታሰረው የራሳችን ሰዎች ክታብም፣ በግእዝ ስለተጻፈና መስቀል ስለተሣለበት ብቻ ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። እንዲያውም ምእመናንን ይበልጥ የሚያታልለው እርሱ ነው፤ የጸሎት መጽሐፍ ይመስላልና።

ይሁን እንጂ አያቅልጡት፣ አይጣሉትም። በኤፌሶን ያመኑት ሰዎች መጻሕፍታቸውን ያቃጠሉት ራሳቸው ሲጠነቁሉባቸው የኖሩ ስለነበሩ ነው፤ እርስዎ ግን የያዙት የአያትዎን መታሰቢያ ነው። ሳያደርጉት በቤትዎ ቢያስቀምጡት፣ ኃይል አለው ብለው እስካልታመኑበት ድረስ፣ ነውር የለበትም። ጥቁረቱን ለማስለቀቅ በአመድ ወይም በሳሙና አይፈትጉት፤ ቀጫጭኖቹ አኃዞች አብረው ይጠፋሉ። በጎኑ የተዘጋ ክዳን ካለውም አይፈልቅቁት፤ በውስጡ የቁርኣን ጥቅስ የተጻፈበት ወረቀት ሊኖር ይችላልና የሌላውን ቅዱስ ጽሑፍ ማዋረድ ለክርስቲያን አይገባም። በቤት ማቆየቱ ልብዎን ከከበደው በሐረር ላለው የሸሪፍ ሙዚየም ሊሰጡት ይችላሉ። ሲሰጡም የአያትዎ እንደነበረና በጀጎል እንደተገኘ ጽፈው አብረው ያስረክቡ።