«ፎሎው አድርጉኝ» የምንለው ለማን ነው?

«የእርሳስ ሥዕል የማስተምርበት የኢንስታግራም ፔጅ አለኝ። እያንዳንዱ ፖስት መጨረሻ ላይ ‹ላይክ፣ ኮሜንት፣ ሴቭ፣ ሼር፣ ፎሎው አድርጉ› እላለሁ። ላይክ ይመጣል፤ ተከታይ ግን አይጨምርም። የትኛውን ብቻ ብል ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከመምረጥሽ በፊት የመጨረሻዎቹን አሥር ፖስቶችሽን ኢንሳይት ክፈቺ። ፖስቱን ካዩት ውስጥ ስንቱ ተከታይሽ፣ ስንቱ ደግሞ ተከታይሽ ያልሆነ ሰው እንደሆነ ለይቶ ያሳይሻል። እኔ ይህን ቁጥር ያየሁት ፔጄን ከጀመርኩ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ተከታዮቼ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ «ፎሎው አድርጉኝ» ስል የከረምኩት ፎሎው ላደረጉኝ ሰዎች ነበር። ያንቺም እንዲህ ከሆነ፣ ጥሪውን የቱንም ያህል ብታሳምሪው የሚሰማው አዲስ ሰው የለም።

የእኔ ፔጅ በስልክ ፎቶ ስለማንሳት ነው። ያኔ በመስኮት ብርሃን የሰው ፊት እንዴት እንደሚነሳ የሚያሳይ ሰባት ስላይድ ያለው ፖስት ነበረኝ። የመጨረሻው ስላይድ ላይ እንዳንቺው አምስቱንም ደርድሬ ነበር። 2,000 ያህል ሰው አየው። 11 ሰው ሴቭ አደረገው፣ 4 ሰው ለሌላ ላከው፣ ከዚያ ፖስት ተነስቶ ፎሎው ያደረገኝ 1 ሰው ብቻ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ፖስት ደገምኩት። ስድስቱን ስላይዶች አልነካሁም። የመጨረሻው ላይ ግን አንድ ነገር ብቻ ጻፍኩ፦ «መስኮት አጠገብ ሰው ስታነሱ እያያችሁ እንድትሠሩበት ሴቭ አድርጉት።» ያየው ሰው ብዛት ተቀራራቢ ነበር። ሴቭ ያደረገው ግን 70 ደረሰ። የተለጠፈበት ቀንና ሰዓት ስለሚለያይ ጥርት ያለ ሙከራ ነው አልልም፤ ልዩነቱ ግን ዓይን የሚስብ ነው። በጣም ደስ አለኝ። ፎሎው ስንት ሆነ? 2።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሴቭ ሰው ለራሱ፣ ለኋላ ብሎ የሚያስቀምጠው ነገር ነው። ሌላ ሰው አያየውም። ደረጃ ያለው ትምህርት፣ የመጠን ሠንጠረዥ፣ አሁን ሳይሆን በሥራው ሰዓት የሚያስፈልግ ነገር ካለሽ ሴቭ በይ። ተከታዮችሽ ተመልሰው እንዲመጡና እንዲጠቀሙ ከፈለግሽም ሴቭ ጥሩ ነው። አዲስ ሰው በር ላይ እንዲያመጣልሽ ግን አትጠብቂ።

አዲስ ሰው የሚያመጣው ሼር ነው፤ በተለይ ሰው ለሰው በውስጥ መስመር የሚልከው። ኢንስታግራምን የሚመራው አዳም ሞሴሪ በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ተናግሯል። ላይክ ይበልጥ የሚጠቅመው ፖስቱ ለተከታዮችሽ እንዲደርስ ነው፤ ለማያውቁሽ እንዲደርስ ደግሞ መላኩ ይበልጥ ክብደት አለው። ላይክ እያገኘሽ ተከታይ ያልጨመረበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሼር ላይ ግን እኔም መጀመሪያ ተሳስቻለሁ። «ፎቶ ማንሳት ለማይችል ጓደኛችሁ ላኩለት» ብዬ ጻፍኩ። የላከው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ቆይቼ ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ሆነልኝ። ያንን ፖስት ለጓደኛ መላክ «አትችልም» ብሎ መንገር ነው። ሰው የራሱን ድክመት የሚነካ ነገር በደስታ ሴቭ ያደርጋል፤ ሌላውን የሚያስቀይም ነገር ግን አይልክም። ስለዚህ ቀየርኩት፦ «ሁልጊዜ ፎቶ ለሚያነሳችሁ ሰው ላኩለት፤ ቀጥሎ በዚህ ብርሃን ያንሳችሁ።» አሁን መላኩ ጥያቄም ጨዋታም ሆነ። ሰዎች መላክ ጀመሩ።

ሌላም ነገር ነበር። ሰባት ስላይድ ያለው ፖስት ብዙም አይላክም። የሚደርሰው ሰው አያውቅሽም፣ ሰባት ስላይድ ለማንበብም ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ ከዚያው ትምህርት አንዱን ነጥብ አወጣሁ። ያው ሰው፣ ያው መስኮት፤ አንዱ ፎቶ መስኮቱን ከኋላ አድርጎ፣ ሌላው ወደ መስኮቱ ዞሮ። ሁለት ምስልና አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ። በዓይን ፍጥነት የሚገባ ነገር ነው። በዚህ ፖስት የላኩት 50 አለፉ፣ ካዩት ሰዎችም ከግማሽ በላይ ተከታዮቼ ያልሆኑ ነበሩ። ባንቺ ሥራ ቢሆን አንድ ዓይን ሁለት ጊዜ ተስሎ፣ በጥላና ያለ ጥላ፣ ጎን ለጎን ብታስቀምጪው እንደማለት ነው። ጥሪው ደግሞ «አብሯችሁ ለሚስል ሰው ላኩለት» ሊሆን ይችላል።

አሁን ነው ፎሎው የሚባለው። የማያውቁሽ ሰዎች ያዩት ፖስት ላይ፣ ወይም እንደሚያዩት በምትጠብቂው ላይ። እሱም ባዶውን አይሠራም፤ ነገ ምን እንደሚመጣ ንገሪያቸው። «ፎሎው አድርጉኝ» ሳይሆን «ዛሬ ዓይን ሳልን፣ በሚቀጥለው ሳምንት አፍንጫ ነው፤ እንዳያመልጣችሁ ፎሎው አድርጉ» በይ። ብዙ ሰው ፎሎው ከማድረጉ በፊት ፕሮፋይልሽን ከፍቶ ያያል። ስለዚህ ፕሮፋይልሽን የጎበኙትንና ፎሎው ያደረጉትን አነጻጽሪ። ጎብኚው ብዙ ሆኖ ፎሎው ጥቂት ከሆነ ችግሩ ጥሪው አይደለም። ሰውየው የሥዕል ትምህርት ብሎ መጥቶ ላይኛው ረድፍ ላይ የልደት ፎቶ ካገኘ ተመልሶ ይሄዳል።

ኮሜንት ተከታይ ለመጨመር የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። ሰዎቹን ለማወቅ ግን የሚተካከለው የለም። «ምን ይመስላችኋል?» ስትይ ሰው ማሰብ ስላለበት ያልፋል። «ፊት ስትስሉ የሚያስቸግራችሁ ዓይን ነው ወይስ ከንፈር?» ብትይ ግን በአንድ ቃል ይመልሳል፤ አንዳንዱም ምክንያቱን ይጨምርልሻል። ያ ምክንያት የሚቀጥለው ፖስትሽ ርዕስ ነው። «የምትስማሙ ‹አዎ› ብላችሁ ጻፉ» ወይም «ሦስት ጓደኛ ታግ አድርጉ» ከሚለው ግን ራቂ። ፌስቡክ በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ላይ እንዲህ ያሉ ፖስቶችን ስርጭት እንደሚቀንስ አስታውቋል። ያ ባይሆንም መቶ «አዎ» ስለ ሰዎችሽ ምንም አይነግርሽም።

ስለዚህ ላንቺ የምመክርሽ ይህ ነው። ለአንድ ወር በሳምንት አንድ ለመላክ የሚሆን አጭር ፖስት ሥሪ፤ ጥሪው ሼር ብቻ ይሁን። ሙሉውን ትምህርት በሌላ ቀን ለጥፊ፤ እሱ ላይ ሴቭ በይ። ከአጫጭሮቹ አንዱ ተከታይሽ ያልሆኑ ሰዎች ጋ ሲደርስ ካየሽ፣ ወዲያው ቀጣይ ክፍሉን ሥሪና ፎሎው የሚለውን እዚያ ላይ አድርጊው። ስትለኪ ቁጥሩን ብቻ አትዪ፤ ላዩት ሰዎች ብዛት አካፍዪው። 2,000 ሰው አይቶት 40 የላከው ፖስት፣ 10,000 አይቶት 60 ከላከው ይሻላል። በአንድ ፖስት ደግሞ አትፍረጂ። እኔ አንድን ጥሪ ቢያንስ አራት ጊዜ ሳልሞክር አልጥለውም፤ አንዳንዴ የሚደክመው ጥሪው ሳይሆን የዚያ ቀን ፖስት ራሱ ነውና።