የኮመንት ሊንክ ከፈለግሽ ስሙን ሳይሆን ሰዓቱን ነው የምትጫኚው

«ሰላም ለእናንተ። አንድ ሰው ፌስቡክ ኮመንት ላይ የጻፈብኝን ነገር ሊንኩን አምጪ ተብዬ ነው። ኮፒ ሳደርግ ግን የሰውየው ፕሮፋይል ነው የሚከፈተው። ያቺን አንዷን ኮመንት ብቻ እንዴት ነው የማገኛት?»

እህቴ፣ ይሄ ነገር እኔን ከኮምቦልቻ ደሴ አራት ቀን አመላልሶኛል። «ሊንኩን አምጪ» ካሉሽ አቤቱታ የምታቀርቢበት ቢሮ የኔው ዓይነት ነውና ሳትሄጂ በፊት ይሄን አንብቢ።

1ኛ. የሰውየውን ስምም ፎቶም አትንኪ። ሁለቱም የሚወስዱሽ ወደ ፕሮፋይሉ ነው። የኮመንቱ ሊንክ የተደበቀው ከኮመንቱ ሥር፣ ከላይክና ከሪፕላይ ጎን ባለችው ትንሽ ግራጫ ሰዓት ላይ ነው። 3d ወይም 2w ብላ የምትጻፈዋ ማለቴ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከሆንሽ እሷ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ Copy link address በይ።

2ኛ. ስልክ ላይ በአፑ አትድከሚ። ኮመንቱን ተጭነሽ ስትይዢ የሚመጣልሽ Copy የሚገለብጠው ጽሑፉን ብቻ ነው። ክሮም ላይ ፌስቡክን ክፈቺ፣ ከላይ ሦስቱን ነጥብ ነክተሽ Desktop site አድርጊው፣ ከዚያ ያቺን ሰዓት በጣትሽ ተጭነሽ ያዢያት። ጽሑፉ ያንሳል፣ በጣት አሳድጊው።

3ኛውን ከመጻፌ በፊት የኔን ልንገርሽ፣ ምክንያቱ ካልገባሽ ልክ እንደኔ ትሳሳቻለሽ።

እኔ ኮምቦልቻ መጋረጃና የአልጋ ልብስ እሸጣለሁ፣ ፔጅም አለኝ። አንድ ቀን አዲስ የገባ የአልጋ ልብስ ለጠፍኩ። አንዲት የሐይቅ ደንበኛዬ ከሥር «ዋጋው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። ከኔ በፊት የፔጄን ፎቶ የለጠፈ፣ ስሙንም ከኔ ጋር ያመሳሰለ ሰው መለሰላት። «ቅድሚያ ክፍያ በዚህ አካውንት ይላኩ» ብሎ አንድ ኮመንት፣ «ለበለጠ መረጃ በዚህ ስልክ ይደውሉ» ብሎ ደግሞ ጥያቄዋ ሥር ሪፕላይ ጻፈ። እሷም እኔ መስያት 4,500 ብር ላከች። ዕቃው ሲቀር ደውላ ያለቀሰችብኝ እኔ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጥፋቴ። ንዴቴ አልበርድ ሲል የአካውንት ቁጥሩ ያለበትን ኮመንት አጠፋሁት። ሌላ ሰው እንዳይታለል ብዬ ነበር። የተረፈችው ስልክ ቁጥሩ ያለባት ሪፕላይ ብቻ ናት። የጠፋ ኮመንት ሊንኩ ቢኖርሽ እንኳ ለማንም አይከፈትም። ስለዚህ ሊንኩን ገልብጠሽ፣ ሰዓቱና ስሙ የሚታይበት ስክሪንሾት አንስተሽ፣ ቢሮው ካየው በኋላ አጥፊው። ብሎክም አታድርጊ፣ ብሎክ ካደረግሽው ያቺ ኮመንት ከራስሽ ዓይን ትሰወራለች።

መጀመሪያ ደሴ ስሄድ የያዝኩት የሰውየውን ፕሮፋይል ሊንክ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ስሙንም ፎቶውንም ቀይሮታል። ጠረጴዛው ጋ የነበረው ሰውዬ ስልኩ ላይ ከፈተው፣ አንድ የሰርግ ፎቶ ብቻ አለ። «ይሄ ሰው ምን አጠፋ? ሰርግ ሄደ ብለሽ ነው የምትከሺው?» አለኝ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ። ወላሂ እስከ ዛሬ ያቺ ንግግር አልወጣችልኝም። የሚፈልገው ምን ዓይነት ሊንክ እንደሆነ አንድ ደቂቃ ቢያስረዳኝ ምን ነበረበት?

በሁለተኛው ቀን የራሴን ፖስት ሊንክ ይዤ ሄድኩ። ከሥሩ ከመቶ በላይ ኮመንት ነበረው። ፌስቡክ ደግሞ ሲከፈት ሁሉንም አያሳይም፣ Most relevant ብሎ ራሱ የመረጠውን ነው የሚያመጣው። All comments ብለሽ ካልቀየርሽው አንዳንዱ ጨርሶ አይታይም። «አልፈልግልሽም፣ ሥራ አለኝ» ብሎ መለሰኝ።

ለሦስተኛው ቀን የሰፈር ልጅ ሰዓቷን መንካት አሳየኝና ገለበጥኩ። ግን የነካኋት ሰዓት የደንበኛዬ ጥያቄ ሥር ያለችውን ነበር! ሊንኩ ሲከፈት ከላይ ጎልቶ የወጣው ያቺ ምስኪን «ዋጋው ስንት ነው?» ያለችው ነው። ሰውየውም የደንበኛዬን ስም ተከሳሽ ብሎ ሊጽፍ ሲል ደረስኩበት። የተታለለችው እሷ!

እንግዲህ 3ኛው ይሄ ነው። ሊንኩን ስትገለብጪ አንብቢው፤ ቁጥሩን ተይው፣ ቃላቱን ብቻ እዪ።

```
ፕሮፋይል፦ facebook.com/profile.php?id=...
ፖስት፦ facebook.com/.../posts/...
ኮመንት፦ facebook.com/.../posts/...?comment_id=...
ሪፕላይ፦ ...?comment_id=...&reply_comment_id=...
```

ያንቺ ሰውዬ የጻፈው ሌላ ሰው ኮመንት ሥር ገብቶ ከሆነ reply_comment_id የሚለው መኖር አለበት። ከሌለ የያዝሽው የሌላ ሰው ኮመንት ነው። «ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው ቆሻሻ ነው፣ ቁረጪው» የሚሉሽን ደግሞ አትስሚ። ለተራ ፖስት ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ለኮመንት ግን የምትፈልጊው ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ኋላ ላይ ነው። ከቆረጥሽው ፖስቱ ብቻ ይቀርሻል። fbclid ብሎ የሚጀምረው ጭራ ካለ እሱን ብቻ ብትቆርጪ ግን ችግር የለውም።

በአራተኛው ቀን ትክክለኛውን ይዤ ሄድኩ፣ ያውም በወረቀት በእጄ ጽፌ፣ ምክንያቱም «ማመልከቻው ላይ ይስፈር» ተብዬ ነበር። posts ከሚለው ቀጥሎ pfbid ብሎ የሚጀምር ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ። ቁጥሩ 1 እና ትንሹ l በእጅ ሲጻፉ አይለዩም፣ አንዱ ከተሳሳተ አይከፈትም። አልተከፈተም። እዚያው በር ላይ ካለው ፎቶኮፒ ቤት አሳትሜ ማመልከቻው ላይ አያያዝኩት፣ ለሰውየው ደግሞ ያንኑ ሊንክ በቴሌግራም ላክሁለት። ነካው፣ ሪፕላይዋ ከላይ ወጣች፣ ስልክ ቁጥሩ ከነስሙ። ዝም ብሎ መዝገቡን ከፍቶ ጻፈ። ይቅርታ አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም፣ ግን ቀና ብዬ ነው የወጣሁት።

የአካውንት ቁጥሩ ስለጠፋ ጉዳዩ እስካሁን በስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚሄደው። 4,500ውን ለደንበኛዬ ከኪሴ መለስኩላት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከመሄድሽ በፊት ሊንኩን አንቺን የማያውቅሽ ሰው ስልክ ላይ አስከፍቺው። የተጻፈበት ፖስት ለጓደኛ ብቻ የተከፈተ ከሆነ (ከሰዓቱ ጎን የመሬት ሉል ሳይሆን የሰዎች ምልክት አለው) አንቺ ጋ ይከፈታል፣ ቢሮው ጋ ግን አይከፈትም። እንደዚያ ከሆነ በራስሽ ስልክ ከፍተሽ ፊታቸው አሳዪ፣ ስክሪንሾቱንም አሳትመሽ ያዢ። የተጻፈው ቴሌግራም ላይ ከሆነም እንደዚሁ ነው፤ መልእክቱን ነክተሽ Copy Link ስትይ t.me/c/ ብሎ ከጀመረ ዝግ ግሩፕ ነውና አባል ላልሆነ ሰው አይከፈትም።

ማታ ሱቅ ስዘጋ ስልኬን አያለሁ። የገለበጥሽውን በውስጥ ላኪልኝ፣ ሪፕላይ ይሁን ኮመንት አይቼ እነግርሻለሁ።