የሌሊት ተረኛዋና የጠዋቱ አቦል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። በሳምንት አራት ሌሊት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተረኛ ነኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፍርፍር እበላለሁ፣ 9 ሰዓት ላይ ቡና እጠጣለሁ፤ ቢሆንም እንቅልፍ ያሸንፈኛል። ጠዋት ቤት ስደርስ እናቴ ቡና አፍልታ ትጠብቀኛለች። 3 ሰዓት ላይ ብተኛም ቀትር ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የእናትዎን ቡና ነው። የምጠይቅዎት እንዲተዉት ሳይሆን ሰዓቱን እንዲያዛውሩት ነው።

ካፌይን ድካምን አያጠፋም። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል እንቅልፍ የሚጠራ ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ ካፌይን የሚያደርገው መልእክቱ እንዳይደርስ በሩን መዝጋት ነው። ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ 9 ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና ግማሽ ያህሉ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጋደም ሲሉም ገና በደምዎ ውስጥ አለ። ከመተኛትዎ ጥቂት ቀደም ብሎ አቦሉ ሲጨመርበት፣ ቀትር ላይ መንቃትዎ አያስደንቅም። ቀን ላይ የሰውነት ሙቀት ስለሚጨምርና ብርሃን ስላለ እንቅልፉ ድሮም ስስ ነው፤ ካፌይን ደግሞ ይባስ ያሳሳዋል።

እንግዲህ የመጨረሻውን ሲኒ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ያድርጉት። የሥራ ባልደረባዎ ቦታዎን የሚሸፍንልዎ ከሆነ፣ ቡናውን ጠጥተው ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያሸልቡ። ቡናው ሥራውን የሚጀምረው በ20 እና በ30 ደቂቃ መካከል ስለሆነ፣ ሲነቁ ዕረፍቱና ቡናው አብረው ይደርሱልዎታል። ማንቂያ ይሙሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተኙ ወደ ከባድ እንቅልፍ ስለሚገቡ ሲነሡ ይደነዝዛሉ።

ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ለማንኛውም የሌሊት ሠራተኛ ከባድ ነው። የሰውነት ሙቀት ዝቅ የሚለው ያኔ ነው፤ ፍርፍሩም በዚሁ ዋዜማ ላይ ነው የሚደርሰው። ሌሊት አንጀት ይዘገያል፣ ሰውነትም ስኳርን እንደ ቀን አያስተናግድም፤ ስለዚህ ያው ምግብ ሌሊት ሲበላ የደም ስኳርን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል፣ ሆድንም ይከብዳል። ዋናውን ምግብ፣ ሽሮም ይሁን ምስር በእንጀራ፣ ከቤት ሳይወጡ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይብሉ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ፣ ጾም ከሆነ ጥቂት ቆሎ ወይም ሽምብራ ይበቃል። ከ7 ሰዓቱ ቡና በኋላ እስኪነጋ ውኃ ብቻ ይጠጡ። በከባዶቹ ሰዓታት ወንበር ላይ አይቆዩ፤ ደማቅ መብራት ያብሩ፣ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ፣ ጥንቃቄ የሚፈልግ የሒሳብ ሥራ ካለ ቀደም ብለው ይጨርሱት።

ወደ ቤት ሲሄዱ ጥቁር መነጽር ያድርጉ፤ የማለዳ ፀሐይ ለአንጎል «ቀኑ ጀመረ» ብላ ትነግረዋለች። ቤት ሲደርሱ ተርበው እንዳይተኙ ትንሽ ቂጣ ወይም ገንፎ ይቅመሱ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉን አጨልመው ይተኙ፣ ስልክዎን ያጥፉ፤ የጎረቤት ጫጫታ ካለ የጆሮ መድፈኛ ይረዳል። ለእናትዎ ደግሞ እንዲህ ይንገሩልኝ፦ ቡናው ጠዋት መሆኑ ቀርቶ እርስዎ ሲነቁ፣ 9 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ይፈላ። አቦሉን ያኔ አብረው ይጠጡት፤ እሳቸውም ሳይከፉ እርስዎም ሳይጎዱ ይሆናል።

ከአራቱ ሌሊቶች የመጀመሪያው ራሱን የቻለ ችግር አለው፤ ጠዋት ነቅተው ውለው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ ቡና ሳይጠጡ፣ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይተኙ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ይወስዳሉ? ኤስትሮጅን ያለበት ከሆነ ካፌይን ከደም የሚወጣበትን ጊዜ እጥፍ ያህል ሊያራዝመው ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሌሊት 7 ሰዓት ያልኩት በጣም የዘገየ ይሆናል፤ የመጨረሻው ሲኒ ምሽት 4 ሰዓት ላይ፣ ሥራ ሲገቡ ይሁን።

ይህን ለሦስት ሳምንት ያህል ይሞክሩ። ስድስት ሰዓት ገደማ ተኝተውም ድካሙ ካልለቀቀዎት፣ በተለይ የወር አበባዎ ብዙ ከሆነ፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያልክዎት ከሆነ ወይም ሌላ ሰው ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ ከነገረዎት፣ ፈረቃውን ብቻ ጥፋተኛ አያድርጉት። ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ያሠሩ፤ ስለ ትንፋሹም ለሐኪሙ ይንገሩ።