ዲስሌክሲያ ላለበት ተማሪ የምንባብ ጥያቄን ማመቻቸት፦ ጥያቄና መልስ

መልስ የምትሰጠው በልዩ ፍላጎት ትምህርት የምትሠራ መምህርት ናት።

የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መምህር፦ ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ድምፅን ከፊደል ጋር የማያያዝ ችግር ያለበት ተማሪዬ ምንባቡን ሳነብለት አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ራሱ ሲያነብ ግን ይስታል። ባነብለት ፈተናውን ማቅለል አይሆንም?

መልሱ ጥያቄው በሚለካው ነገር ላይ ይመሠረታል። ፊደል የማንበብ ፍጥነትንና ትክክለኛነትን የሚለካ ከሆነ አያንብቡለት፤ የሚለካው የሐሳብ መረዳት ከሆነ ግን ፊደሉ መንገዱን የዘጋበትን ልጅ በሌላ በር ማስገባት ተገቢ ነው። ለማረጋገጥ፣ በርዝመትና በክብደት የሚቀራረቡ ሁለት ምንባቦችን፣ ለእያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ጥያቄ አውጥተው ያዘጋጁ፤ አንዱን ራሱ ያንብብ፣ ሌላውን ይስማ። ሲያነብ ሦስት፣ ሲሰማ ሰባት ካገኘ ችግሩ በአብዛኛው ንባቡ ላይ ነው። በሁለቱም ሦስት ካገኘ ግን የቃላት ዕውቀቱን ወይም የምንባቡን ክብደት መመርመር ያስፈልጋል እንጂ ማንበብዎ ብቻውን አይረዳውም። አንድ ሙከራ ደግሞ ስለማይበቃ በሌላ ቀን በሌሎች ምንባቦች ይድገሙት።

ሲያነቡለት ጥያቄዎቹንና ምርጫዎቹንም ያንብቡ፤ ነገር ግን ቃል አያብራሩ፣ ትክክለኛው ምርጫ ላይ ሲደርሱም ድምፅዎን አይለውጡ። አንባቢ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ይችላል፤ ሰሚ ግን አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱን አንቀጽ በስልክዎ ለየብቻ ቢቀዱለት የፈለገውን መልሶ ማዳመጥ ይችላል።

በሜሪላንድ የምትኖር እናት፦ ስልኩ ራሱ አማርኛውን ያነብለታል፤ ያ አይበቃም?

ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቀድመው ያዳምጡት። የአማርኛ ጽሑፍ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ልጁ ይበላል» ሲባልና «ዳቦው ይበላል» ሲባል የተጻፈው ቃል አንድ ነው፤ ሰው ከዐውዱ ያስተካክለዋል፣ ስልኩ ግን ሊስተው ይችላል። እንዲህ ያለ ስሕተት ጥያቄው በተመሠረተበት ዐረፍተ ነገር ላይ ከመጣ ልጁ የሚስተው ባለመረዳቱ ሳይሆን በተነበበለት ምክንያት ነው። ለፈተና የሰው ድምፅ የተሻለ ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚደረግ ልምምድ የስልኩ ድምፅ በቂ ነው።

አንድ አባት፦ ለዲስሌክሲያ ተብሎ የተሠራ የፊደል ቅርጽና በገጹ ላይ የሚደረግ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ከሁሉም ይበልጣሉ፤ እኔ አይቼዋለሁ።

ከፊሉ ልክ ነው። እነዚያ ቅርጾች በላቲን ፊደል ላይ የሚያሳዩት ጥቅም በአብዛኛው በፊደላቱ መካከል ካለው ሰፊ ርቀት እንደሚመጣ ጥናቶች ይጠቁማሉ፤ ባለ ቀለም ፕላስቲኩ ግን አስተማማኝ ማስረጃ የለውም። ልጅዎ ከወደደው አይከልክሉት፣ ዋናውን ሥራ ግን አይተካም። ለአማርኛው እኔ የምጀምረው በ14 ነጥብ የፊደል መጠንና በአንድ ተኩል የመስመር ርቀት ነው፤ ጽሑፉም በግራ ጠርዝ ብቻ ይስተካከላል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ጠርዝ እኩል ሲደረግ በቃላት መካከል ያልተስተካከለ ክፍተት ይፈጠራል። ጥያቄው ከሚመለከተው አንቀጽ ሥር ይቀመጥ እንጂ ልጁ ገጽ እየገለበጠ ቦታውን አይፈልግ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፎቶ ኮፒው ነው። ሱ እና ሲ፣ ቡ እና ቢ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ የደበዘዘ ቅጂ ለማንኛውም አንባቢ ያስቸግራል፤ ለዚህ ልጅ ግን ገጹን ይዘጋበታል። ከማደልዎ በፊት አንዱን ቅጂ በክንድ ርቀት ይዘው ይመልከቱ፤ ቅጥያዎቹ ካልተለዩ እንደገና ያትሙ።

ሌላ እናት፦ የእኔ ልጅ መነጽር ካደረገች በኋላ ማንበብ ጀመረች። ይህስ አይሻልም?

ዐይንን ማስመርመር ሁልጊዜም ተገቢ ነው፤ የልጅዎም ችግር እይታ የነበረ ይመስላል። ዲስሌክሲያ ግን ድምፅን ከፊደል ጋር በማያያዝ ላይ የሚታይ ችግር ስለሆነ መነጽር አያስተካክለውም።

የአራተኛ ክፍሉ መምህር፦ ስንት ደቂቃ ልጨምር?

በእንግሊዝ ፈተናዎች 25 በመቶ፣ በአሜሪካ ደግሞ ግማሽ ያህል መጨመር የተለመደ ነው። ለእርስዎ ተማሪ ግን ራሱ ይንገርዎ። ፈተናው 40 ደቂቃ ከሆነ 40 ላይ ሲደርስ የሌላ ቀለም እስክሪብቶ ይስጡትና ሳያስቸኩሉ እስኪጨርስ ይጠብቁት። ለምሳሌ ከ15 ጥያቄ በመጀመሪያው ቀለም ዘጠኙን ሠርቶ ቀሪዎቹን በ58ኛው ደቂቃ በትክክል ከጨረሰ 60 ደቂቃ ይበቃዋል። በሁለተኛው ቀለም የተሠሩት በሙሉ ስሕተት ከሆኑ ግን ጊዜ ብቻ አይደለም የጎደለው፤ ደክሞት ሊሆን ስለሚችል ፈተናውን በሁለት ክፍለ ጊዜ ይክፈሉት፣ ወይም ወደ ማዳመጥ ይመለሱ። የሚያዳምጥበትን ጊዜም ይቁጠሩ፤ ድምፁ ሲደገም ደቂቃ ይበላል። ጭማሪውን ከዕረፍት ሰዓቱ አይውሰዱ፣ እንደ ቅጣት ያየዋልና።

ሌላ መምህር፦ ሰምቶ ያገኘውን ነጥብ አንብበው ካገኙት ጋር በአንድ መዝገብ ማስፈር አግባብ ነው?

እኔ የመረዳት ነጥቡን እንዳለ እመዘግባለሁ፤ የንባብ ነጥቡን ደግሞ ለብቻው፣ በማዳመጥ እንደተፈተነም ማስታወሻ እጨምራለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ማስታወሻው ልጁን ያስለየዋል ብላ ትቃወመኛለች፤ ክርክራችን እስካሁን አልተቋጨም።