«ስህተትሽን ንገሪን» ሲሉሽ

«ሰላም ለዚህ ቤት። ሐሙስ ደሴ ላይ ኢንተርቪው አለብኝ። ‹በስራሽ ላይ ያጠፋሽው ትልቅ ጥፋት ምንድነው› ብለው ይጠይቃሉ አሉኝ። እውነቱን ብናገር ይጥሉኛል፣ ብዋሽ ይነቁብኛል። የገጠማችሁ ካላችሁ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?»

አብሽሪ እህቴ። እኔ በዚሁ ጥያቄ አንድ ስራ አምልጦኛል፣ አንድ ስራ ደግሞ አግኝቻለሁ። የሚገርመው ሁለቱም ቦታ ያወራሁት ያንኑ አንድ ጥፋት ነው። አንቺም የጤና ሰው ትመስይኛለሽ፣ ስለዚህ በኔው ጉዳይ ልንገርሽ። ባትሆኚም ወደ ራስሽ ስራ ትመልሺዋለሽ።

1. «ስራ ስለማበዛ እረፍት አላውቅም»፣ «ነገር ካልተሟላ አይዋጥልኝም» የሚለውን ተይው። ጠያቂዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰሙት የዋሉት እሱን ነው። የሆነ ቀን፣ የሆነ ዕቃ ላይ የደረሰ ነገር ይዘሽ ግቢ።

2. ጉዳቱን በቁጥር ተናገሪ። የወደቅኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ታገሺኝ።

ደጋ ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ተጠሪ ነበርኩ። ከዚያ በፊት የሰራሁት ኮምቦልቻ ነው። ክትባት ወደ ጤና ኬላ ሲላክ ቫክሲን ካሪየር በምንለው ቅዝቃዜ ጠባቂ ሳጥን ተደርጎ፣ ዙሪያውን ውሃ ተሞልቶ በረዶ የሆነ አይስ ፓክ ተደርድሮ ነው። አይስ ፓኩ ከፍሪዘር እንደወጣ ቀጥታ አይገባም። ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይቆይና ውስጡ ያለው በረዶ መቅለጥ ሲጀምር፣ ጆሮሽ አጠገብ ስትነቀንቂው ውሃው ሲንቦጫረቅ ከሰማሽ ያኔ ደርሷል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚያግዝ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። እኔም ቀስ በቀስ መነቅነቁን ትቼ የግድግዳ ሰዓት ማየት ለመድኩ።

ደጋው ላይ በኅዳር ጠዋት ያ ሰዓት አይሰራም። ውርጩ ገና ከሳሩ አልለቀቀም፣ ክፍሉም ከውጭው አይሻልም። በለመድኩት ሰዓት አንስቼ አሸግኩና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሰጠኋት። አይስ ፓኩ ድንጋይ ነበር። ፔንታቫለንት የሚባለው የሕፃናት ክትባት ከጎኑ ተለጥፎ ተጓዘ።

ክትባት የማታውቂ ከሆነ ይሄን ልብ በይ። አብዛኛው ሰው የሚፈራው ሙቀትን ነው። ፔንታ፣ የሳንባ ምች ክትባትና የቲታነስ ክትባት ግን የሚሞቱት በረዶ ሲመታቸውም ነው፤ ቦታቸው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ቫያሉ፣ ማለትም የክትባቱ ብልቃጥ ላይ ያለችው ቪቪኤም የምንላት ምልክት፣ ክቧ ውስጥ ያለችው አራት ማዕዘን፣ የምትጠቁረው በሙቀት ብቻ ነው። በረዶ የመታው ቫያል ላይ ነጭ ሆና እንደ አዲስ ታይሻለች። ያን ቀንም ነጭ ነበረች።

የነቃችው ባለሙያዋ ናት። እኩለ ቀን ላይ አንዱን ቫያል ስትነቀንቀው ውስጡ እንደ እርጎ ቅንጣት ቅንጣት ሆኖ አልዋሃድ አላት። ወዲያው ክትባቱን አቁማ ደወለችልኝ። ግን እስከዚያ 18 ሕፃናት ተከትበው ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር።

ካሪየሩን አስመልሼ ሼክ ቴስት ሰራሁ። ከዚያው ባች አንድ ቫያል ሆን ብዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩ፣ በነጋታው አቀለጥኩት፣ ከተጠረጠሩት ጋር አብሬ ነቅንቄ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሆን ብዬ ያበላሸሁት ወዲያው ዘቀጠ፣ የተጠረጠሩትም አብረውት ዘቀጡ። በርዷቸዋል ማለት ነው። የፖሊዮ መርፌው በዚህ ዘዴ ስለማይፈተን እሱን በጥርጣሬ ብቻ አስወገድኩት። በድምሩ 24 ቫያል ተጣለ። ሕፃናቱን ከመዝገቡ እየፈለግን 15ቱን እንደገና ከተብን። የሦስቱ ቤተሰቦች ለአጨዳ ወደ ቆላ ወርደው ስለነበር አላገኘናቸውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ኢንተርቪው። መስሪያ ቤቱን አልጠራውም፤ ግን በር ላይ ያለው ልጅ ማመልከቻዬን በሁለት ጣቱ ይዞ «ይሄ ማህተም የማን ነው?» ያለኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ኮሪደር ላይ ቆመን ውሃ እንኳን የለም። ስገባ ተናድጄ ነበር፣ እሱም ሳይጎዳኝ አልቀረም።

ጥያቄው ሲመጣ እንዲህ አልኩ፦ «አንድ ጊዜ በቅዝቃዜ ምክንያት የተወሰነ ክትባት ተበላሽቶብን ነበር። ጥበቃው ጀነሬተሩን ሌሊት ሙሉ ሲያሰራ አድሮ በረዶው ከልክ በላይ ጠንክሮ ነበር፣ ባለሙያዋም ስትረከብ ማረጋገጥ ነበረባት። ግን ተረባርበን ችግሩን ፈታን፣ ከዚያ ወዲህ በጣም እጠነቀቃለሁ።»

እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከሞላ ጎደል እውነት ነበር። ስትረከብ አይስ ፓኩን መነቅነቅ ነበረባት። ከጠያቂዎቹ አንዷ ትልቅ ሴት፣ መነጽራቸውን አውልቀው «የተወሰነ ማለት ስንት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «የተከተበ ሕፃን ነበር?» አሉኝ። ዝም አልኩ፣ ከዚያ «ጥቂት» አልኩ። «ባለሙያዋ እዚህ ብትቀመጥ ስለ እርስዎ ምን ትለን ነበር?» ሲሉኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። የነቃችው እሷ መሆኗን እኮ አልተናገርኩም! ውጤቱን ልጠይቅ ስሄድ ያ ልጅ «ቦርድ ላይ የለህም ማለት የለህም» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። ብናደድም ውጤቱ ላይ አልፈርድም፤ ሴትዮዋ ልክ ነበሩ።

ሁለተኛው ቦታ ሌላ ነበር፤ ሰዎቹ ሻይ አቀረቡልን፣ አላህ ይስጣቸው። እዚያ ያልኩትን እንደማስታውሰው ልጻፍልሽ፦

«አይስ ፓክ ሳይደርስ አሽጌ ላክሁ። መነቅነቁን ትቼ በሰዓት እለካ ነበር፤ ሰዓቱን የለመድኩት ኮምቦልቻ ላይ ነው፣ ደጋ ላይ በረዶው አልቀለጠም። 24 ቫያል ተጣለ። 18 ሕፃናት የበረደ ክትባት ወስደዋል። 15ቱን ደግመን ከተብን፣ ሦስቱን አላገኘንም። ስማቸውን ለጤና ኬላው ሰጥቻለሁ፣ ስዛወርም በርክክብ ሰነዱ ላይ አስፍሬዋለሁ። የነቃችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት፤ እሷ ባታቆመው ከሰዓት በኋላ የሚመጡትም ይከተቡ ነበር። ከዚያ በኋላ የክትባት ወጪ መዝገቡ ላይ ‹ውሃው ተሰምቷል› የሚል አምድ ጨመርኩ፤ ላኪም ተረካቢም ነቅንቀው ይፈርሙበታል።»

ይኸው ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ልዩነቱን እይው። መጀመሪያ ቦታ ላይ «በጣም እጠነቀቃለሁ» ነበር ያልኩት፤ ጥንቃቄን ማንም ሄዶ አያይልሽም። አምዱን ግን ጤና ጣቢያው ሄዶ መዝገቡን የገለጠ ሁሉ ያየዋል። አንዱ ጠያቂ «ተረካቢዋ ሳትነቀንቅ ብትፈርምስ?» ብሎ ያዘኝ። «ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ ነው ወር ሲያልቅ አንድ ሁለት ጠዋት ራሴ ቆሜ አይ የነበረው፤ ካሪየሩ ውስጥም የበረዶ ጠቋሚ ፍሪዝ ታግ እንዲገባ ጠይቄያለሁ፣ ሁልጊዜ ግን አይገኝም» አልኩ። የማይገኘውን ይገኛል ብል ኖሮ እዚያው እወድቅ ነበር፤ ሰውዬው ራሱ የኮልድ ቼይን፣ የክትባት ቅዝቃዜ ጥበቃ ሰው ነበር።

የሦስቱ ሕፃናት ነገር ነው ብዙ ሰው የሚፈራው። ጓደኞቼ «እሱን ምን ያስወራሃል? ሁሉንም ከተብን በል» ብለውኛል። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ 18 ሕፃን ደጋ ላይ ተበትኖ ሁሉንም አገኘሁ የሚል ሰው ደጋ ሄዶ አያውቅም። ያላለቀውን ነገር ያላለቀ ነው ብለሽ፣ ለማን እንዳስረከብሽው ተናገሪ።

ስለ ባልደረባሽ አንድ ነገር ልጨምር፣ አንቺም ይገጥምሻል። እውነት ሌላ ሰውም አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። በኔ ጉዳይ የባለሙያዋ አለመነቅነቅ አለ፣ የጀነሬተሩም ነገር አለ። አልደበቅኩትም፤ ግን በሰው ስም ሳይሆን በአሰራሩ አስገባሁት፦ «ርክክቡ ላይ ሁለት ሰው እንዲያይ የሚያስገድድ ነገር አልነበረም»። ይሄ እውነትም ነው፣ ማንንም አያሳጣም፣ መፍትሔውም ከዚያው ይወጣል። ደግሞም ወሎ ውስጥ ነሽ፤ አንዷ ጠያቂ የዚያች ልጅ የአክስት ልጅ ሆና ብትገኝ አይግረምሽ። «ሁላችንም አጠፋን» ማለትም አያዋጣም፤ ሲሰሙት እጅሽን እየታጠብሽ ይመስላቸዋል። በአንቺ እጅ የነበረውን «አሸግኩ»፣ «ሳላይ ፈረምኩ» ብለሽ በራስሽ ተናገሪው።

የማታወሪው ነገርም አለ። የታካሚ ወይም የእናት ስም በጭራሽ አታንሺ። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ገና ያልተቋጨ ጉዳይ ካለሽም ሌላ ምረጪ። በወቅቱ ለአለቃሽ ያልነገርሽውን ጥፋት ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ አትጀምሪው፤ ቀጣዩ ጥያቄ «መቼ ሪፖርት አደረግሽ?» ነው። እኔ ደውላልኝ እንደጨረሰች ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነግሬ ነበር፣ በማግስቱ ደግሞ በጽሑፍ። የደብዳቤዬን ቀሪ እስካሁን ይዤዋለሁ፣ ሁለተኛው ቦታም አሳይቻቸዋለሁ።

ሦስተኛ ልልሽ የነበረው፣ ምስክር አድርገሽ ስልኩን ለሰጠሽው ሰው ከሐሙስ በፊት ደውይለት። «ስለ እንዲህ ያለ ጥፋት ላወራ ነው፣ ቁጥሩ ይሄ ነው» በይው። እኔ አልደወልኩም ነበር፤ የቀድሞ አለቃዬን ሲያገኟቸው ስለ ክትባቱ ሲጠየቁ የተከሰስኩ መስሏቸው «እሱ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም፣ ምንም አልተበላሸም» ብለው ሊያድኑኝ ሞክረዋል። ያን ለማስተካከል ድጋሚ ተጠርቼ የደብዳቤውን ቀሪ ይዤ መሄድ ነበረብኝ።