ሲያጥር መጀመሪያ የሚወድቀው «ከሆነ» ነው

«ሰላም ቤቶች። ጅማ ነኝ፣ ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት እጽፋለሁ። ስለ ቡና አደራረቅ ረዘም ያለ ጽሑፍ ድረ ገጻችን ላይ አውጥተናል። አሁን ከሱ ኒውስሌተር፣ የቴሌግራምና የፌስቡክ ፖስት፣ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ስክሪፕት አውጪ ተባልኩ። ቆራርጬ ስለጥፈው ማንም አያነበውም። እናንተ እንዴት ነው የምትሠሩት?»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ፣ የምጽፈውም ስለ ቡና ነው። መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገርሽ፤ የምሠራበት መንገድ የወጣው ከዚያ ነው።

ያንቺን የመሰለ ጽሑፍ ነበረኝ። አንዱ አንቀጽ ስለ ታጠበ ቡና ነበር። የታጠበ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲደርቅ ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ኃይለኛ ፀሐይ ይሸፈናል፤ ካልተሸፈነ ፍሬውን የያዘው ቀጭን ሽፋን ይሰነጠቃል። እኔ ይህን አሳጥሬ ፎቶ ላይ በትልቁ ጻፍኩት፤ «ቡናዎን በቀትር ይሸፍኑ!» አማረብኝ። ሼሩም ጥሩ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ከማና ወረዳ አንድ አባት ደወሉ። «ልጄ፣ እንዳልከው እየሸፈንኩ ነው፣ ግን ቡናዬ መድረቅ እምቢ አለ» አሉኝ። የሳቸው ቡና አልታጠበም፤ ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ጀንፈል ነው። ጀንፈል የቀትሩን ፀሐይ ይፈልጋል። የሚሸፈነው ማታ ከጤዛ፣ ቀን ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ነው። በቀትር ስትሸፍኚው እርጥበቱ ውስጡ ይቆያል፣ ከዚያ ሻጋታ ነው። ጽሑፌ ስህተት አልነበረበትም። «የታጠበ ከሆነ» የሚለው ግን ፎቶው ላይ አልገባም ነበር።

የባሰው ደግሞ ማረሙ ነው። የቴሌግራም ፖስት ቻናልሽ ላይ ይስተካከላል፤ ሰዎች ፎርዋርድ ያደረጉት ቅጂ ግን እንደነበረ ይቀራል። ፎቶ ላይ የተጻፈውን ስክሪንሾት ያነሳ ሰው ዘንድ ደግሞ ምንም ማድረግ አትችይም።

ከዚያ ወዲህ ከመቁረጤ በፊት ጽሑፉን አትሜ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ አነበዋለሁ። በሰማያዊ፣ ከጽሑፉ ተነጥለው ለብቻቸው ትርጉም የሚሰጡትን ነገሮች አሰምራለሁ። በቀይ፣ እያንዳንዱ ነገር የሚሠራበትን ሁኔታ እከባለሁ፦ ለየትኛው ቡና፣ በየትኛው ሰዓት፣ እስከ ስንት። ሰማያዊው ወደ የትም ሲሄድ ቀዩ አብሮት ይሄዳል። ቀዩን ይዞ የማይገባበት ቦታ ከሆነ ሰማያዊውም እዚያ አይገባም፤ ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ።

ከዚያ ጽሑፍ ሰማያዊ የተሰመረባቸው ብዙ አልነበሩም። የቀትሩ ሽፋን አንድ። ጀንፈል ሲደርቅ በእጅ ሲነቀነቅ መንኮሻኮሹ ሁለት። መሬት ላይ ሳይሆን ከስሩ አየር በሚገባበት አልጋ ላይ መስጣት ሦስት። አራተኛው ምክር እንኳን አልነበረም፤ አንድ ገበሬ ደመና አይቶ ቤተሰቡን ሁሉ እየጠራ ወደ አልጋው የሮጠበት ትዕይንት ነው። አራቱን ሁሉም ቦታ መጨመር ነው የኔና የብዙ ሰው ስህተት። እያንዳንዱ የሚሄድበት ቤት አለው። የሚታይና የሚሰማ ነገር ለቪዲዮ ይሆናል። በሁለት ዓረፍተ ነገር ከነሁኔታው የሚያልቅ ለፖስት ይሆናል። ታሪክ ያለው ደግሞ ለኒውስሌተር ነው፤ እዚያ ያለው ሰው ራሱ ተመዝግቦ የመጣ ስለሆነ ትንሽ ይታገሥሻል።

ኒውስሌተሩን ከሩጫው ጀመርኩ። የድረ ገጹ ርዕስ «የቡና አደራረቅ ዘዴዎችና በጥራት ላይ ያላቸው ተጽእኖ» ነበር። ስልክ ላይ ይህ «የቡና አደራረቅ ዘዴዎችና በ...» ላይ ይቆረጣል። ፊደላችን ሰፊ ቦታ ይይዛል። ለኢሜይሉ ርዕስ «ደመናው መጣ፣ አልጋው ክፍት ነው» አልኩት። ከርዕሱ ቀጥሎ በደብዛዛ የምትታየውን መስመርም ራስሽ ጻፊያት። ባዶ ከተውሻት የኢሜይሉን የመጀመሪያ ቃላት ትወስዳለች፣ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ይህ ኢሜይል በትክክል ካልታየዎት እዚህ ይጫኑ» የሚል ነገር ነው።

ውስጡን 250 ቃል አካባቢ አደረግኩት። ሩጫው፣ ለምን እንደሮጡ፣ ከዚያ ጽሑፉ ላይ የሌለ አንድ ነገር፦ እኔ እዚያ ቆሜ ያየሁት፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የቀረ። እሱን የምጨምረው ጽሑፉን አስቀድሞ ያነበበው ሰውም የሚያገኘው እንዲኖር ነው። ሊንኩ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት ሊንክ ስታደርጊ የትኛውን ይጫን?

ስለ ሊንክ ካነሳን፣ የድረ ገጹን አድራሻ በአማርኛ ፊደል አታድርጊው። ብሮውዘሩ ላይ ያምራል፣ ኮፒ ተደርጎ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ቡና» ብቻ ይህን ይመስላል፦

```
%E1%89%A1%E1%8A%93
```

ሙሉ ርዕስ ከሆነማ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። አጭር ላቲን ስጪው፣ የመጣበትንም ምልክት አድርጊበት፦

```
/buna-madreq?utm_source=telegram
```

ለኢሜይሉ `utm_source=newsletter` ትይዋለሽ፣ ለፌስቡኩ `utm_source=facebook`። ሰው ከየት እንደመጣ በኋላ ትለዪበታለሽ። ጽሑፉ አንዴ ከወጣ በኋላ አድራሻውን የምትቀይሪ ከሆነ ግን የድሮው ወደ አዲሱ እንዲመራ አስደርጊ፣ አለዚያ ቀድሞ የተላከው ሁሉ ባዶ ገጽ ይከፍታል።

ፖስቶቹን አላበዛም። ከአንድ ጽሑፍ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ጋር የሚሄድ ጽሑፍ፣ ክፍያ ለማይከፍል ሰው፣ 1024 ፊደል ላይ ይቆማል፤ ያለ ፎቶ 4096 ድረስ ይሄዳል። ፌስቡክ ደግሞ ከጥቂት መስመር በኋላ ያጥፈዋል። ስለዚህ ቀዩን መጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጪው። ያበላሸሁትን ፖስት ዛሬ ብጽፈው እንዲህ ነው የምጀምረው፦ «ቡናዎ የታጠበ ከሆነ፦ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ይሸፍኑት። ጀንፈል ከሆነ ቀን ፀሐይ ይምታው፣ ማታ ይሸፍኑት።» ፎቶው ላይ የሚጻፈውም ይኸው ነው፣ ሁለቱም ዓረፍተ ነገር። አያምርም፣ አውቃለሁ። ቦታ ካጠረሽ ፎቶው ላይ ምንም አትጻፊ።

ወደ ቪዲዮው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ጽሑፉን አሳጥሮ ካሜራ ፊት ማንበብ ስክሪፕት አይደለም። እኔ ወረቀቱን በሁለት እከፍለዋለሁ፣ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚባለው። ግራውን ሳልጨርስ ቀኙን አልነካም። በግራ የሚታይ ነገር ካጣሁ ያ ሐሳብ የቪዲዮ ሐሳብ አይደለም።

መንኮሻኮሹን መረጥኩ። ጀንፈል ሲደርቅ ፍሬው ከቅርፊቱ ይላቀቅና ስትነቀንቂው ድምፅ ይሰጣል። 45 ሰከንድ እንዲህ ሆነ፦

ከ0 እስከ 4፦ እጅ አንድ እፍኝ ጀንፈል ጆሮ አጠገብ ይነቀንቃል። ንግግር የለም፣ ድምፁ ብቻ። ስክሪኑ ላይ «ይሄ ጀንፈል ደርቋል?»

ከ4 እስከ 16፦ ሁለት እጅ፣ አንዱ የሚንኮሻኮሽ፣ አንዱ ዝም ያለ። «ይሄኛው ዝም ብሏል፣ ገና ነው። ይሄኛው ፍሬው ከቅርፊቱ ተላቅቋል፣ ስሙት።»

ከ16 እስከ 34፦ የእርጥበት መለኪያው፣ ቁጥሩ ቀርቦ። «ግን በድምፅ ብቻ አትመኑ። እየተንኮሻኮሸም እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከገባ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል። ከመክተታችሁ በፊት አስለኩት።»

ከ34 እስከ 45፦ አልጋው ከሩቅ፣ ሰው ሲያገላብጥ። «ይሄ ለጀንፈል ነው። የታጠበ ቡና አያያዙ ሌላ ነው፣ ጽሑፉ ላይ አለላችሁ።»

ጽሑፉ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር «የእርጥበት መጠኑ ከ11 እስከ 12 በመቶ እስኪደርስ ድረስ መድረቅ ይኖርበታል» የሚል ነበር። ለዓይን ደህና ነው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ስታነቢው ግን ትንፋሽ ያልቅብሻል። እኔ በስልኬ ሰዓት ስይዝ በአንድ ደቂቃ 100 ቃል አካባቢ ነው የምናገረው። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ከዚያ በላይ ከጻፍሽ ተራኪው እየተጣደፈ ነው የሚጨርሰው። ለ45 ሰከንድ ከ60 ቃል አላሳልፍም፤ ድምፁም ቦታ ይፈልጋል።

ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ የሚባለውን ስክሪን ላይ ጻፊው። ከታች ጥግ ድረስና በቀኝ በኩል ግን አታስጠጊው፤ የላይክና የኮሜንት ምልክቶቹ፣ የፖስቱም መግለጫ የሚያርፉት እዚያ ነው። እኔ አንዴ «ከ12 በመቶ በላይ» የሚለው ቁጥር በልብ ምልክት ተሸፍኖብኝ ያውቃል። ከመልቀቅሽ በፊት በሌላ ሰው ስልክ እዪው።

የማና ወይም የጎማ ወረዳ ገበሬ እንዲያየው ከፈለግሽ የአፋን ኦሮሞውን ለየብቻ አስቀርጪ። የአማርኛውን ምስል እንዳለ ወስደሽ ድምፁን ብቻ ብትቀይሪ ሰከንዶቹ አይገጥሙም፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ምስሉ ያልፋል። ቀኙን ዓምድ ብቻ በቋንቋው ተናጋሪ እንደገና አጽፊ፣ ከዚያ ምስሉን በድምፁ ልክ ቁረጪው።

አንድ የቀረኝ። ይህን ቪዲዮ ልሠራ ያሰብኩት ጽሑፉ ከወጣ ከብዙ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ ነበር። አልጋው ባዶ፣ ጀንፈሉ ተፈልፍሎ ሄዷል። እስከሚቀጥለው ለቀማ ጠበቅኩ። አሁን ለጽሑፍ መረጃ ልሰበስብ ስወጣ ስልኬን አቁሜ፣ አጋድሜ ሳይሆን፣ አሥር አሥር ሰከንድ እቀርጻለሁ፤ እጅ፣ አልጋ፣ መለኪያ፣ የሰው ድምፅ። ያንቺ ጽሑፍ ወጥቷል፣ ግን ለቀማው ገና ካላለቀ ዛሬውኑ ውጪ። ኒውስሌተሩና ፖስቶቹ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጁብሽ፣ መጠበቅ ይችላሉ። አልጋ ላይ ያለው ቡና ግን አይጠብቅሽም።