«ባህር ዳር»ን ፈልጋችሁ ስታጡት

ውድ አዲስ የገባችሁ ልጆች፣

ሰኞ ጠረጴዛችሁ ላይ ግማሽ ገጽ ወረቀት ታገኛላችሁ። አስር የኪቦርድ አቋራጮች አሉበት። ወረቀቷ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ትነግራችኋለች፤ እኔ ደግሞ የቱ ጋ እንደሚያስቸግር ላጫውታችሁ።

ስምንቱን በአንድ ከሰዓት ትለምዷቸዋላችሁ። Ctrl+C ይቀዳል፣ Ctrl+V ይለጥፋል፣ Ctrl+A ሁሉንም ይመርጣል። Ctrl+Z የተሳሳታችሁትን ይመልሳል፤ አብዝታችሁ ከመለሳችሁ Ctrl+Y አለላችሁ። Windows+L ሻይ ልትጠጡ ስትነሱ ስክሪኑን ይቆልፋል። Ctrl+S ያስቀምጣል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ባትሪ የለውም፤ መብራት ድንገት ሲሄድ ያላስቀመጣችሁትን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አንድ አንቀጽ በጨረሳችሁ ቁጥር ተጫኑት። ስምንተኛው F12 ነው፤ ወርድ ላይ ሰነዱን በሌላ ስም ያስቀምጥላችኋል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ Fn አብራችሁ ካልያዛችሁ አይሠራም።

Ctrl+Xን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። አንድ አንቀጽ ቆርጣችሁ ሳትለጥፉ ስልክ ይጠራል፣ አውርታችሁ ስትመለሱ ሌላ ነገር ትቀዳላችሁ፤ የቆረጣችሁት የለም። እስክትለምዱ ድረስ ቀድታችሁ ለጥፉ፣ ከዚያ የድሮውን አጥፉ።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው ይህን ሁሉ ያስጻፉኝ፦ Ctrl+F እና Ctrl+H። አንደኛው ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ይቀይራል።

በከተማችን ስም እንጀምር። አንዱ «ባህር ዳር» ይላል፣ ሌላው «ባሕር ዳር»፣ ሦስተኛው አጣብቆ «ባህርዳር»። ለእኛ አንድ ከተማ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ሐ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። Ctrl+F ተጭናችሁ «ባህር ዳር» ብትሉት ሁለቱን ሌሎች ዘሏቸው ያልፋል። «አልተገኘም» ሲላችሁ ታዲያ ሰነዱ ውስጥ የለም ብላችሁ አትደምድሙ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። ኃይለማርያም የሚባል ባለጉዳይ ስሙን ስትፈልጉለት በኃ ይሁን በሀ አታውቁም፤ «ማርያም» ብላችሁ ፈልጉት። የማይለዋወጠውን ቁራጭ ያዙ ማለቴ ነው።

ሌላም አለ። «ቤት» ብላችሁ ብትፈልጉ «ቤቶች»ን ያገኛል እንዳትሉ፤ ት ቶ ሆናለች፣ አያውቃትም። «ወረዳ» ግን «ወረዳዎች» ውስጥ እንዳለች ስለምትቀመጥ ትገኛለች።

ፍለጋ ቢሳሳት ጊዜ ነው የሚበላችሁ። Ctrl+H ግን ደብዳቤውን ይነካል። የተጣበቀውን «ባህርዳር» ላለያይ ብላችሁ «ዳር»ን ከፊቱ ክፍተት ባለው « ዳር» ብትቀይሩ፣ የመስክ ሥራ ደብዳቤው ላይ ያለው «አዳር» አብሮ «አ ዳር» ሆኖ ይበላሻል።

እኔም ወጣት ሳለሁ ተሠርቼበታለሁ። በጀት ዓመቱ ተቀይሮ የአምናውን የአበል ደብዳቤ ማደስ ነበረብኝ። 2016 ወደ 2017 መግባቱን አሁን ለምሳሌ ያህል እንያዘው፤ የያኔው ዓመት ሌላ ነው፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። ጣቴን ላሳርፍ ብዬ ሙሉውን ዓመት ሳልጽፍ «16» በ«17» ይቀየር አልኩና ሁሉንም ባንዴ የሚቀይረውን Replace All ተጫንኩ። ቀኑ ተስተካከለ። 1,600 ብርም 1,700 ሆነ። የአንዱ ሠራተኛ ስልክ ቁጥርም ተቀየረ። ደብዳቤው ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ሂሳብ ክፍል ከደረሰ በኋላ ነው የተያዘው። አለቃዬ አልጮኹም። ወረቀቱን ፊቴ አስቀምጠው «መቶ ብሩን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። የአምናውን ደብዳቤ ከፍቼ አንድ ፊደል ሳልነካ F12፤ አዲስ ስም እሰጠዋለሁ፣ አሮጌው እንዳለ ይቀመጣል። ቀጥዬ በCtrl+F «2016» ስንት ቦታ እንዳለ እቆጥራለሁ። አምስት ነው እንበል። ከዚያ Ctrl+H፣ ሙሉውን «2016» በሙሉው «2017»። ሙሉ ዓመቱም ቢሆን አያስተማምንም፤ «በ2016 የወጣው መመሪያ» የሚል ሐረግ ካለ መመሪያው ዘንድሮ አልወጣም፣ ዓመቱ መቀየር የለበትም። ለዚህ ነው Replace Allን ትቼ Find Next እያልኩ፣ እያየሁ፣ ተገቢውን ብቻ በReplace የምቀይረው። አምስት ቦታ ደቂቃ አይፈጅም።

Replace All ከተጫናችሁ ደግሞ ስንት ቦታ እንደቀየረ የሚነግራችሁን ሳጥን ሳታነቡ OK አትበሉ። አምስት ጠብቃችሁ ዘጠኝ ካላችሁ፣ OK ብላችሁ የመቀየሪያውን ሳጥን ዝጉና ሰነዱ ላይ ሌላ ምንም ሳትነኩ Ctrl+Z። ወርድ ላይ ዘጠኙም ባንዴ ይመለሳሉ። ብታስቀምጡትም እንኳ ሰነዱን እስካልዘጋችሁት ድረስ ይመለሳል፤ አስቀምጣችሁ ከዘጋችሁት ግን በCtrl+Z መመለሻ የለውም፣ ያኔ በF12 ያስቀራችሁትን አሮጌውን ትከፍታላችሁ።